ከሐያሲ ጋር በከፊል ተስማምቶ የራስን ሙግት መገንባት
የአቼቤና የኮንራድ ክርክር እንደ ማሳያ

ስለ አንድ ታዋቂ ልብ ወለድ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ከእርሱ በፊት ስለ መጽሐፉ የጻፈ ሰው ማግኘቱ አይቀርም። ያ ቀዳሚ ጸሐፊ ሐያሲ ይባላል። ሥራው ሂስ ነው፤ ድርሰትን መርምሮ በማስረጃ የተደገፈ ፍርድ መስጠት ማለት ነው። ሐያሲው ጠንካራ ሲሆን ተማሪው ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። ወይ ሐያሲው ያለውን በሌላ አነጋገር ይደግማል፤ ወይም አዲስ ነገር የተናገረ እንዲመስል ብሎ ሐያሲውን ከነሙሉ ሐሳቡ ይጥለዋል። የመጀመሪያው ጽሑፍ የተማሪው ሐሳብ የለበትም፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነት የሆነውንም ክፍል አብሮ ይጥላል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ሐያሲው በየትኛው ነጥብ ትክክል እንደሆነ በግልጽ መቀበል፣ ሙግቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ለይቶ ማሳየት፣ ከዚያም ካበቃበት ተነሥቶ የራስን ሙግት ማቆም ነው። አሠራሩን ለመረዳት አንድ እውነተኛ ክርክር ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል ይሻላል። ለዚህ የሚመች ክርክር ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በጆሴፍ ኮንራድ መጽሐፍ ላይ ያነሣው ነው።

መጽሐፉና ሐያሲው

ጆሴፍ ኮንራድ በትውልዱ ፖላንዳዊ ነው፤ የጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። በ1890 እ.ኤ.አ. ወደ ኮንጎ ሄዶ በወንዝ ላይ በሚመላለስ የእንፋሎት ጀልባ ሠርቷል። ኮንጎ በዚያን ጊዜ በቤልጂጉ ንጉሥ በሊዮፖልድ ሁለተኛ እጅ ነበረች። ከዚህ ጉዞ የወጣው «ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» የተባለው ልብ ወለድ በ1899 በመጽሔት ላይ በሦስት ክፍል ታተመ፤ በ1902 ደግሞ በመጽሐፍ መልክ ወጣ። ርዕሱ በአማርኛ «የጨለማ ልብ» እንደ ማለት ነው።

የመጽሐፉ አተራረክ ሁለት ደረጃ አለው። ስሙ ያልተገለጸ ሰው ለንደን አጠገብ በቴምዝ ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ከጓደኞቹ አንዱ ማርሎ የተባለ መርከበኛ ነው፤ ኩርትዝ የተባለውን የዝሆን ጥርስ ሰብሳቢ ከኮንጎ ለማምጣት ያደረገውን ጉዞ ይተርክላቸዋል። ስለዚህ አንባቢው ስለ አፍሪካ የሚያውቀው ሁሉ ማርሎ የነገረውን ነው፤ የማርሎን ነገር ደግሞ ስም የለሹ ሰው ያቀብለዋል። ታሪኩን የሚነግረን ይህ ድምፅ በሥነ ጽሑፍ ጥናት ተራኪ ይባላል። ተራኪውና ደራሲው አንድ ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ጥያቄ በዚህ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል።

አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» በዓለም ዙሪያ የታወቀ ደራሲ ነው። በየካቲት 1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ላይ ባቀረበው ንግግር የኮንራድን መጽሐፍ አጥብቆ ነቀፈ። ንግግሩ በ1977 በጽሑፍ ታተመ፤ በ1988 ደግሞ በአቼቤ የድርሰቶች ስብስብ ውስጥ ገባ። በ1988ቱ እትም ኮንራድን የገለጸበትን አንድ ሻካራ ቃል በሌላ ለውጦታል፤ ፍርዱን ግን አልለወጠም። ተማሪው የትኛውን እትም እንደሚጠቅስ አስቀድሞ መለየት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። አለበለዚያ አቼቤ ራሱ በለወጠው ቃል ላይ ተነሥቶ ሊከራከረው ይችላል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ሙግቱን መበተን

ብዙ ሰው አቼቤን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያጠቃልለዋል፤ ኮንራድ ዘረኛ ነው ብሏል ይላል። ይህ የሙግቱ መደምደሚያ ነው እንጂ ሙግቱ አይደለም። በመደምደሚያ ላይ መስማማትም አለመስማማትም ባዶ አዎታና ባዶ እምቢታ ይሆናል። በከፊል መስማማት የሚቻለው ክፍሎቹ ሲታዩ ነው፤ ክፍሎቹ እንዲታዩ ደግሞ ሙግቱን መበተን ያስፈልጋል።

የአቼቤ ሙግት ሲበተን ሦስት ንብርብር ይወጣዋል። አንደኛው በመጽሐፉ ውስጥ ቆጥሮ ማረጋገጥ የሚቻል ነገር ነው። አፍሪካውያን በመጽሐፉ ውስጥ በርካታ ሆነው ሳለ ቃላቸው እንደ ተናገሩት ለአንባቢ የሚቀርበው በሁለት አጋጣሚ ብቻ ነው ይላል። በመጀመሪያው በጀልባዋ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አለቃ፣ ጠላት ቢያዝ ለእርሱና ለባልደረቦቹ ለመብል እንዲሰጣቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። በሁለተኛው የሥራ አስኪያጁ ወጣት አገልጋይ የኩርትዝን መሞት በር ላይ ቆሞ ያረዳል። ሁለተኛው ንብርብር ከዚህ የሚወጣ ትርጓሜ ነው። ደራሲው አፍሪካን ሰው የሌለባት መድረክ አድርጓታል፤ የአንድ አውሮፓዊ አእምሮ ሲፈርስ የሚታይባት ስፍራ ብቻ ናት ይላል። ሦስተኛው ፍርድ ነው። የሰው ልጅን አንድ ክፍል ከሰውነት የሚያወጣ ድርሰት ታላቅ የጥበብ ሥራ ሊባል አይገባም ይላል።

ንብርብሮቹ ሲለዩ ለእያንዳንዳቸው የተለየ መልስ መስጠት ይቻላል። አንባቢ ቆጠራውን መቀበል፣ ትርጓሜውን ማሻሻል፣ ፍርዱን ደግሞ ለጊዜው ማቆየት ይችላል። ይህን ሳያደርግ «በአንድ በኩል ትክክል ነው፣ በሌላ በኩል ግን ተሳስቷል» የሚል ሰው በየትኛው በኩል እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ ያጣል።

ሁለተኛው ሥራ፦ ሐያሲው አስቀድሞ የመለሰውን ማወቅ

በዚህ ርዕስ ላይ የሚጻፉ ደካማ ጽሑፎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። ተማሪው አቼቤን የሚመልስበትን ነጥብ ያገኘ ይመስለዋል፤ ንቀቱ የማርሎ እንጂ የኮንራድ አይደለም፣ ተራኪውና ደራሲው ይለያያሉ ይላል። ነጥቡ በራሱ ተገቢ ነው። ችግሩ አቼቤ ራሱ አንሥቶ የመለሰው መሆኑ ነው። የአቼቤ መልስ ባጭሩ ይህ ነው፤ ደራሲ ከተራኪው መራቁን ሊያሳየን ከፈለገ ተራኪው የሚለካበት ሌላ ሚዛን በመጽሐፉ ውስጥ ማስቀመጥ ነበረበት፤ ኮንራድ ግን ይህን አላደረገም፤ ማርሎም የደራሲው አመኔታ ያለው ሰው ነው።

ይህን መልስ ሳይጠቅስ ተቃውሞውን እንደ አዲስ ግኝት የሚያቀርብ ተማሪ ሐያሲውን እስከ መጨረሻው እንዳላነበበ ያስታውቃል። መልሱን ጠቅሶ የሚቀጥል ተማሪ ግን ትልቅ ነገር በእጁ ይገባል። አቼቤ አንድ መፈተኛ አስቀምጦለታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ማርሎን የሚለካ ሌላ ሚዛን አለ ወይስ የለም? ጥያቄው የመጣው ከሐያሲው ነው፤ መልሱ የሚገኘው ግን ከመጽሐፉ ነው። የተማሪው የራሱ ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

ሦስተኛው ሥራ፦ ወደ መጽሐፉ መመለስ

የራስ ሙግት የሚገኘው የሐያሲውን ማስረጃ ይዞ መጽሐፉን እንደገና ሲያነቡ ነው። አቼቤ በሁለት አጋጣሚ የቀረበ ንግግር ቆጥሯል። አንባቢው የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ከሁለቱ ውጭ አፍሪካውያን የሚናገሩበት ስፍራ አለ? ካለስ ንግግሩ ምን ሆነ?

አንድ ስፍራ አለ። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ የታመመው ኩርትዝ በጀልባዋ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ሕዝቡ በወንዙ ዳር ተሰብስቦ ይጮኻል። ማርሎ መጀመሪያ ድምፃቸው የሰው ቋንቋ አይመስልም ይለናል። ወዲያው ግን የኩርትዝ ወዳጅ እንደሆነች የምትገመተው ሴት ወደ ውኃው ዳር ወጥታ እጆቿን ዘርግታ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ሕዝቡም ተቀብሎ ያስተጋባዋል። በዚህ ጊዜ ማርሎ አነጋገሩን ሲገልጽ ቃል ከቃል የተለየ ንግግር መሆኑን ያምናል። ከዚያም ወደ ኩርትዝ ዞሮ ይህ ይገባሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ኩርትዝ እንደሚገባው በሚያስታውቅ አጭር ቃል ይመልስለታል፤ ትርጉሙን ግን አይናገርም። ማርሎም ምን አሉ ብሎ አይጠይቅም። የጀልባዋን ፉጨት ይነፋል፤ ሕዝቡም ይበተናል።

አቼቤ ስለዚህች ሴት ጽፏል። ኮንራድ ንግግርን ለኩርትዝ አውሮፓዊት እጮኛ ሰጥቶ እርሷን እንደነፈጋትም አሳይቷል። ይህ የጥያቄና የመልስ ቅጽበት ግን የሙግቱ መሠረት አልሆነም። ቅጽበቱ ደግሞ ለአቼቤ ቆጠራ አዲስ መልክ ይሰጠዋል። በወንዙ ዳር ንግግር ነበር፤ ሰሚው ንግግር መሆኑን ዐውቋል፤ የሚተረጉም ሰውም አጠገቡ ነበር። ለአንባቢው ያልደረሰው በመካከል የቆሙት ሁለት ሰዎች ስላላደረሱት ነው።

አራተኛው ሥራ፦ ግኝቱን ወደ ሙግት ማሳደግ

አንድ ቅጽበት ማግኘት ገና ሙግት አይደለም፤ አስተያየት ነው። አስተያየት ወደ ሙግት የሚያድገው የመጽሐፉን ሌሎች ክፍሎችም ሲያብራራ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ይሆናል፤ ማርሎ የሚያውቀውን ነገር ለሌላ ሰው ሳያደርስ የቀረባቸው ሌሎች ስፍራዎች አሉ?

ሁለት ግልጽ ስፍራዎች አሉ። ኩርትዝ አፍሪካውያንን «ለማሠልጠን» ለተቋቋመ ማኅበር አሥራ ሰባት ገጽ ያለው ዘገባ ጽፎ ነበር። በዘገባው መጨረሻ ላይ በእጁ የሞነጫጨራት አጭር ማስታወሻ ስለ አፍሪካውያን መጥፋት የምትናገር አሰቃቂ ዐረፍተ ነገር ነበረች። ማርሎ ዘገባውን ለአውሮፓውያን ሲያስረክብ ያችን ማስታወሻ ቀድዶ አስቀርቷል። ኋላም የኩርትዝን እጮኛ ለመጠየቅ ሲሄድ የሟቹን የመጨረሻ ቃል ትጠይቀዋለች፤ እርሱም እውነተኛውን ቃል ደብቆ የመጨረሻ ቃሉ ስምሽ ነበር ይላታል። ይህን ያደረገው ውሸት እንደሚጠላ ለአድማጮቹ የነገረ ሰው ነው።

አሁን ሦስት የተያዙ ቃላት አሉን። ያልተተረጎመው የወንዝ ዳር ንግግር፣ የተቀደደው ማስታወሻና የተለወጠው የመጨረሻ ቃል ናቸው። ከእነዚህ የሚወጣውን ሙግት በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ይቻላል። «በኮንራድ መጽሐፍ ውስጥ የአፍሪካውያን ዝምታ፣ አቼቤ እንዳለው፣ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ጉድለቱ ግን የሚመጣው ንግግር ስለሌለ አይደለም፤ በመካከል የቆሙት ሰዎች የሰሙትን ስለማያደርሱ ነው፤ መጽሐፉም ይህን ጠባያቸውን ደጋግሞ ያሳያል።»

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሐያሲው በስሙ ተጠርቷል፤ የተቀበልነው ነገር ምን እንደሆነ ተነግሯል፤ የጨመርነውም ከእርሱ ተለይቶ ይታያል። ከሁሉም በላይ ዐረፍተ ነገሩ መጽሐፉን ከፍቶ ሊፈተን የሚችል ነው። ሦስቱን ስፍራዎች ያነበበ ሰው ትክክል ነው ወይም አይደለም ሊል ይችላል። «አቼቤ ጠቃሚ ነጥብ ቢያነሣም መጽሐፉ ውስብስብ ነው» የሚለውን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ግን ማንም ሊፈትነው አይችልም፤ ስለ ማንኛውም መጽሐፍ ቢነገር ያስኬዳልና።

አምስተኛው ሥራ፦ ሙግቱን በራስ ላይ መፈተን

ጥሩ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚቃወመውን ማስረጃ ራሱ ያቀርባል። የዚህ ሙግት ከባዱ ተቃዋሚ በዚያው በወንዙ ዳር ትዕይንት ውስጥ ይገኛል። ማርሎ ሴትዮዋ ከመናገሯ ጥቂት ቀደም ብሎ የሕዝቡ ድምፅ የሰው ቋንቋ አይመስልም ብሎ ነበር። ይህ ለአቼቤ የሚመሰክር ነው፤ ሊደበቅ አይገባም። መልሱ ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ማርሎ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ቋንቋ አይደለም ይላል፤ ቀጥሎ ግን ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ተራኪው ራሱን በራሱ አፍርሷል። አቼቤ የጠየቀው ማርሎን የሚለካ ሚዛን ጥቂትም ቢሆን በዚህ ስፍራ ይታያል።

ሙግቱ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ጸሐፊው ራሱ ማስመር አለበት። ማርሎ ማስታወሻውን መቅደዱንና ለእጮኛዪቱ መዋሸቱን ለአድማጮቹ በአንደበቱ ይናገራል። መጽሐፉ በእነዚህ ሁለቱ ላይ አንባቢው እንዲያስብ ይፈልጋል፤ በውሸቱም ታሪኩን ይዘጋል። ያልተተረጎመውን ንግግር ግን ማርሎ እንደ ጉዳት አይቆጥረውም፤ ምን እንዳሉ ባለማወቁ ሲቆጭም አይታይም። ማርሎ ከአውሮፓውያን የደበቀው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ክብደት አግኝቷል፤ ከአፍሪካውያን የሰማው ቃል ግን ሲጠፋ ማንም ልብ አይልም።

ስለዚህ ሙግቱ ዞሮ ወደ አቼቤ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ከሄደበት ሌላ ነገር ይዞ ነው። አቼቤ መጽሐፉ አፍሪካውያንን ንግግር ነፍጓል አለ። እኛ ደግሞ መጽሐፉ ንግግሩን ሰምቶ፣ ንግግር መሆኑን ዐውቆ፣ መጥፋቱን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም እንላለን። ይህ አቼቤ በተናገረው ላይ የተመሠረተ ነው፤ አቼቤ የተናገረው ግን አይደለም።

በዚህ መንገድ የሄዱ ሐያስያን

በዚሁ ክርክር ላይ የጻፉ የታወቁ ሐያስያንን ማየት መንገዱን የበለጠ ያስረዳል። እንግሊዛዊው ሴድሪክ ዋትስ በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ለኮንራድ ተከራክሮ አቼቤን በቀጥታ ተቃውሟል። ጉያናዊው ደራሲ ዊልሰን ሃሪስ በ1981 የጻፈው የተለየ ነው። የአቼቤን ቁጣ ምክንያት ያከብራል፤ ፍርዱን ግን አይቀበልም። መጽሐፉ በአንድ የአስተሳሰብ ድንበር ላይ የቆመ ነው፤ ኮንራድ እስከ ድንበሩ ደርሷል፣ አልተሻገረውም ይላል። ኤድዋርድ ሰይድ ደግሞ በ1993 በወጣው «ካልቸር ኤንድ ኢምፔሪያሊዝም» መጽሐፉ ኮንራድ የቅኝ አገዛዝን ዝርፊያ በግልጽ ማየቱን፣ ተገዢዎቹ ነጻ ሆነው የሚኖሩበትን ዓለም ግን ማሰብ አለመቻሉን አሳይቷል።

የሃሪስና የሰይድ አገነባብ ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ኮንራድ ምን እንዳየ ይቀበላሉ፤ ማየቱ የት ላይ እንደቆመ ያመለክታሉ፤ ለዚያ ማቆሚያ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም ይሰጡታል። አዲስነታቸው የሚገኘው በዚህ መጨረሻ ላይ ነው።

የአገራችን የአንድምታ ትርጓሜ ባህል አንዱን ንባብ ከሌላው ጎን «አንድም» እያለ ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ ሁለት ትርጓሜ በአንድነት መያዝ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥናታዊ ጽሑፍ ከዚህ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ሁለቱን ንባቦች ካስቀመጠ በኋላ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት መናገር፣ የትኛው ማስረጃ የትኛውን እንደሚደግፍ መወሰንና ለውሳኔው ኃላፊነት መውሰድ አለበት።

ጽሑፉን ከማስረከብ በፊት

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ የሚረዳ አንድ ፈተና አለ። ከረቂቁ ላይ ሐያሲው የተጠቀሰባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ለጊዜው አውጥቶ የቀረውን ማንበብ ነው። ምንም ካልቀረ ጽሑፉ የሌላ ሰው ሐሳብ ማጠቃለያ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ነገር ሳይናጋ ከቆመም ችግር አለ፤ ሐያሲው ለጌጥ ብቻ ተጠቅሷል፣ ሙግቱም ከእርሱ ጋር አልተነጋገረም። ጤናማው ረቂቅ ማስረጃዎቹ ቆመው የሚቀሩበት፣ ጥያቄው ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅበት ነው። ምክንያቱም ጥያቄውን የሰጠው ሐያሲው፣ መልሱን ያገኘው ጸሐፊው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ተማሪዎች የአቼቤን ጽሑፍና የኮንራድን መጽሐፍ ጎን ለጎን ከፍተው፣ የወንዙን ዳር ትዕይንት፣ የተቀደደውን ማስታወሻና የእጮኛዪቱን ክፍል በራሳቸው ዓይን ያንብቡ። እዚህ የቀረበውንም ሙግት እንደ ማንኛውም ሐያሲ ሙግት በትነው ይፈትኑት፤ የሚቀበሉትን ይቀበሉ፤ ካበቃበት ደግሞ የራሳቸውን ይጀምሩ።